ካርቶኑ የጠፋ ኢንሄለር

ሁለት የአስም ኢንሄለሮች ያለ ካርቶን ፎቶ ተነስተው «ሲያፍነኝ የምወስደው የቱን ነው?» ከሚል ጥያቄ ጋር ለፋርማሲ ባለሙያ ተላኩ እንበል። አንደኛው ቡናማ ነው። ሁለተኛው ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ቀይ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሰማያዊ ፎቶው ላይ የለም።

ለማፈን የሚወሰደው ቀዩ ነው። በውስጡ ያለው አልቡቴሮል በእኛ ፋርማሲዎች ሳልቡታሞል የሚባለው፣ በሰማያዊው ቬንቶሊን ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። የተጨበጠውን የመተንፈሻ ቧንቧ ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል። ማስታገሻው ሰማያዊ፣ መከላከያው ቡናማ፣ ብርቱካናማ ወይም ሐምራዊ መሆኑ የአምራቾች ልማድ እንጂ ዓለም አቀፍ ሕግ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ይኸው መድኃኒት በቀይም በቢጫም ፕላስቲክ ተሽጧል።

ቡናማው ቤክሎሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ነው። የቧንቧውን የውስጥ እብጠት ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ ሕመም ባይኖርም በየቀኑ ይወሰዳል፤ ጥቅሙ የሚታየው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ደጋግሞ ቢነፋው ቧንቧው አይከፈትለትም፤ ውድ ጊዜ ብቻ ያልፍበታል።

ፎቶው ግን አንድ ነገር ይደብቃል። ፕላስቲኩ መያዣ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ያለው ከላይ በሚገባው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሁለት ታማሚዎች ባሉበት ቤት ፕላስቲኩ ታጥቦ ሲገጣጠም ቆርቆሮዎቹ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ስለዚህ ቆርቆሮውን አውጥታችሁ ስሙን፣ መጠኑንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን አንብቡ። ስሙ በ«ዞን» ወይም በ«ሶናይድ» ካበቃ ስቴሮይድ፣ ማለትም መከላከያ ነው። «ቴሮል» የሚለው መጨረሻ ግን ያሳስታል፤ አልቡቴሮል ፈጣን ሲሆን፣ በሐምራዊው ሴሬታይድ ውስጥ ያለው ሳልሜቴሮል ዘግይቶ ስለሚሠራ ለድንገተኛ ማፈን አይሆንም።

ዱቄት የሚሳብባቸው ኢንሄለሮች ቆርቆሮ የላቸውም። ቱርቡሄለር የሚባለው ነጭ ሆኖ ከታች የሚጠመዘዝ ባለቀለም እግር አለው፦ ሰማያዊው ቴርቡታሊን የተባለ ማስታገሻ፣ ቡናማው ቡዴሶናይድ የተባለ መከላከያ ነው። ቀዩ ሲምቢኮርት ቡዴሶናይድንና ፈጣኑን ፎርሞቴሮልን አጣምሮ ስለያዘ፣ ሐኪም ሲያዝ ለሁለቱም ያገለግላል። ከአሜሪካ የመጣው ቀይና ይህ ቀይ እንግዲህ በቀለም እንጂ በሥራ አንድ አይደሉም።

ፎቶ ስትልኩ የቆርቆሮውን ጽሑፍ በቅርብ፣ ዱቄት ከሆነ ደግሞ ክዳኑን፣ እግሩንና በጎኑ ያለውን ስም አንሱ። መናገር እስኪያቅት ድረስ ያፈነው ሰው ካለ ግን መልስ አትጠብቁ፤ ማስታገሻ መሆኑን የምታውቁትን እየሰጣችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።