ዥዋዥዌና እኩል ያልሆነው መሰላል

የዥዋዥዌው ገመድ ሁለት ሜትር ቢሆን፣ በቀስታ የሚወዛወዝ ልጅ ሄዶ ለመመለስ 2.8 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ትንሽ ጠንከር አድርገን ብንገፋው ጊዜው የሚለወጥ አይመስልም። ገመዱ ከመሐል 40 ዲግሪ እስኪያዘነብል ከገፋነው ግን ምልልሱ በ3 በመቶ ገደማ ይረዝማል። ልጁን ወደ መሐል የሚመልሰው ጉልበት ከርቀቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከፍ ባለ ቁጥር ከሚጠበቅበት እያነሰ ይሄዳል። ጉልበቱ ከርቀቱ ጋር እኩል የሚያድግለት ወዝዋዥ ሃርሞኒክ ሲባል፣ እንደ ዥዋዥዌው ከዚያ ሥርዓት ፈቀቅ ያለው አንሃርሞኒክ ይባላል።

ይህች ትንሽ ፈቀቅታ በኳንተም ዓለም ምን እንደምታደርግ በአንድ እውነተኛ ዕቃ ላይ እንይ። ዕቃው ትራንስሞን ይባላል። በ2007 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት፣ ዛሬ በብዙ የኳንተም ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ነው። ያለ ምንም መቋቋም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ሁለት የብረት ቁራጮች በመካከላቸው እጅግ ቀጭን ማገጃ አላቸው፤ ይህ የጆሴፍሰን መጋጠሚያ ነው። የመጋጠሚያው ኢነርጂ የሚለዋወጠው የዥዋዥዌ ኢነርጂ በማዕዘኑ በሚለዋወጥበት መንገድ ነው። ማዕዘኑን φ ብለን በራዲያን ብንለካው፦

E_J(1 − cos φ) = E_J φ²/2 − E_J φ⁴/24 + …

የመጀመሪያው አባል ብቻውን ቢሆን ሃርሞኒክ ወዝዋዥ በሆነ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ወዝዋዥ የኢነርጂ እርከኖች እንደ ጥሩ አናጢ መሰላል ናቸው፤ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው ርቀት ሁሌም አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ይህ እኩልነት ችግር ነው። ከታችኛው እርከን ወደ ሁለተኛው የሚያወጣው ማይክሮዌቭ፣ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ወደ ሦስተኛውም ወደ አራተኛውም ይገፋል። ሁለቱን የታች እርከኖች ለይቶ እንደ ዜሮና አንድ መጠቀም አይቻልም። ሰርኪዩቱን የሚያድነው ሁለተኛው አባል፣ ያ ትንሽ −φ⁴ ነው።

ምን ያህል ያድነዋል? ቁጥር እንስጠው። ኢነርጂውን ሁሉ በፕላንክ ቋሚ አካፍለን በጊጋኸርዝ እንጻፍ። E_J 15 ይሁን፤ የሰርኪዩቱን የቻርጅ ኢነርጂ የሚወስነው E_C ደግሞ 0.3 ይሁን። የሃርሞኒኩ መሰላል ርቀት √(8·E_J·E_C) ነው፤ ስናሰላው √36፣ ማለትም 6 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ከጉድጓዱ ግርጌ ሲለኩ እርከኖቹ 3፣ 9 እና 15 ላይ ናቸው።

አሁን የመጀመሪያ ደረጃ ፐርተርቤሽን ቲዎሪ ይገባል። ደንቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የቀድሞውን የሞገድ ቅርጽ ሳትነካ ያዝና፣ የተጨመረው ኢነርጂ በዚያ ቅርጽ ላይ በአማካይ ስንት እንደሚሆን አስላ። ጭማሪው ቅርጹንም እንደሚያዛባው እርግጥ ነው፤ ታዲያ እንዴት ይታለፋል? የተራራ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢል ከፍታው እምብዛም እንደማይቀንስበት ሁሉ፣ ከትክክለኛው ቅርጽ ትንሽ መሳት በኢነርጂው ላይ የሚያመጣው ስሕተት የትንሹ ካሬ ነው። ለመጀመሪያው እርማት ይህ አይቆጠርም።

ስለዚህ የሚያስፈልገን የφ⁴ አማካይ ብቻ ነው። በታችኛው እርከን የφ² አማካይ √(2E_C/E_J) ሲሆን፣ በእኛ ቁጥር 0.2 ይሆናል። ይህ ማለት ሰርኪዩቱ እጅግ ቀዝቅዞ «አርፏል» በሚባልበት ሰዓት እንኳ ማዕዘኑ ከመሐል 26 ዲግሪ ያህል ይዋልላል ማለት ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ማንም አልገፋውም፣ ግን ኩርባው ይሰማዋል።

የφ⁴ አማካይ የሚገኘው በመሰላሉ ላይ በመራመድ ነው። እያንዳንዱ φ አንድ እርከን ያወጣል ወይም ያወርዳል፤ አራት φ አራት እርምጃ ነው፣ መጨረሻውም ወደ መነሻው መመለስ አለበት። እርከኖቹን ከ0 ጀምረን ብንቆጥር፣ ከ0 ወደ 1 ወጥቶ መመለስ 1 ዋጋ አለው፤ ከ1 ወደ 2 ወጥቶ መመለስ 2፣ ከ2 ወደ 3 ደግሞ 3። ከታችኛው እርከን የሚነሳ መንገድ ሁለት ብቻ ነው። ወጥቶ ወርዶ፣ ወጥቶ ወርዶ፦ ዋጋው 1×1። ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ወርዶ፦ 1×2። ድምሩ 3 ነው። ከሁለተኛው እርከን ስንነሳ ወደ ታችም መንገድ ስላለ ዋጋዎቹ 4፣ 2፣ 2፣ 1 እና 6 ሆነው 15 ይደርሳሉ። ለሦስተኛው 39 ነው። አጠቃላዩ ቀመር 3(2n² + 2n + 1) ነው፤ n የእርከኑ ቁጥር ነው።

የቀረው ማባዛት ነው። E_J/24 0.625 ነው፤ የ0.2 ካሬ 0.04 ነው። የታችኛው እርከን እርማት −0.625 × 0.04 × 3 = −0.075 ይሆናል። የሁለተኛው −0.375፣ የሦስተኛው −0.975። እርከኖቹ ሁሉ ዝቅ አሉ፤ ከፍ ያለው ግን ይበልጥ ዝቅ አለ። አዲሶቹ ቦታዎች 2.925፣ 8.625 እና 14.025 ናቸው። የመጀመሪያው ርቀት 6 የነበረው 5.7፣ ሁለተኛው ደግሞ 5.4 ሆነ። ከፍ ብሎ ሲወዛወዝ የሚዘገየው ዥዋዥዌ እዚህም አለ፤ ወደ ላይ ስንወጣ መሰላሉ እየጠበበ ይሄዳል። የሁለቱ ርቀቶች ልዩነት 0.3 ነው፤ E_C ራሱ ማለት ነው።

ይህን ውጤት ምን ያህል እንመን? የኮሳይኑን ጉድጓድ ሳያሳጥሩ በትክክል ቢያሰሉት ርቀቶቹ 5.68 እና 5.34 ገደማ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ግምታችን የሳተው በ0.3 በመቶ ብቻ ነው። የርቀቶቹ ልዩነት ግን 0.30 ሳይሆን 0.34 ነው፤ እዚያ ላይ ከመቶ 13 ያህል ስተናል። ከ5.68 ውስጥ አብዛኛውን የሚሸከመው ያልተነካው 6 ስለሆነ የእርማቱ ጉድለት ይሸፈናል። ልዩነቱ ግን ከእርማት ብቻ የተሠራ ነው፤ ያልታረመው መሰላል ለእርሱ የሚያበረክተው ዜሮ ነው፣ ጉድለቱ የሚሸሸግበት የለውም።

ማስጠንቀቂያው በራሱ በስሌቱ ውስጥ ይታይ ነበር። የታችኛው እርማት ከ6 ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ ጥቂት ይበልጣል፤ የሦስተኛው ግን ከመቶ 16 ነው። እርማቱ ከእርከኖቹ ርቀት ጋር ሲስተካከል ዘዴው ይወድቃል።

የተሻለ ቁጥር ፈልጎ ሁለተኛውን ደረጃ የሚያሰላ ሰው አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ከኮሳይኑ የጣልነው ቀጣይ አባል፣ E_J φ⁶/720፣ መጠኑ ከφ⁴ ሁለተኛ ደረጃ እርማት ጋር ይቀራረባል። በታችኛው እርከን የφ⁴ ሁለተኛ ደረጃ 0.0044 ያህል ዝቅ ሲያደርግ፣ φ⁶ ደግሞ 0.0025 ያህል ከፍ ያደርጋል። አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ሰው እርማቱን ከእጥፍ በላይ ያጋንነዋል።

በቤተ ሙከራ ውስጥ ስሕተቱ የሚታየው በማይክሮዌቩ ነው። 20 ናኖሰከንድ የሚቆይ ምት የፍሪኩዌንሲ ስፋቱ ወደ 0.05 ጊጋኸርዝ ይጠጋል። ከሁለተኛው እርከን ወደ ሦስተኛው ለማውጣት በ5.40 ላይ የተላከ ምት፣ 5.34 ላይ ያለውን ሽግግር በ0.06 ስቶት ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ E_J እና E_C ምን ያህል ይሁኑ ብሎ ለመንደፍ ያገለግላል፤ ምቱ የሚላክበት ፍሪኩዌንሲ ግን ምንጩን ከ5.40 ወደ ታች ቀስ እያሉ በማውረድ፣ ሰርኪዩቱ የሚመልስበትን ቦታ በመለካት ይወሰናል።