«ስኳር አልባ» የተባለው ብስኩት ለስኳር ሕመምተኛ ይስማማልን?

በዓል ሲቃረብ ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከውጭ ሀገርም ወደ ሀገር ቤት የሚመጣ ዘመድ፣ የስኳር ሕመም ላለባቸው አባቱ ወይም እናቱ «ስኳር አልባ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ብስኩት፣ ቸኮሌት ወይም ከረሜላ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። ስጦታው በቅን ልቡና የመጣ ነው። ተቀባዩም ለእርሱ ተብሎ የተሠራ መስሎት ከሻይ ጋር አራት አምስት ፍሬ ያለ ሥጋት ይበላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ የደም ስኳሩን ቢለካ ግን ቁጥሩ ተራ ብስኩት ከበላበት ቀን ብዙም ላይለይ ይችላል።

ይህ የሚሆነው የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርገው በምላስ የሚጣፍጠው ስኳር ብቻ ስላልሆነ ነው። ካርቦሃይድሬት የሚባለው የምግብ ክፍል ስኳርን ብቻ ሳይሆን በስንዴ፣ በጤፍ፣ በበቆሎና በድንች ውስጥ የሚገኘውን ስታርችም ያጠቃልላል። ስታርች አፍ ላይ ባይጣፍጥም አንጀት ሲደርስ ተሰባብሮ ግሉኮስ ይሆንና ወደ ደም ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ ምርት «ስኳር አልባ» ተብሎ እንዲሸጥ የሚፈቅደው በ100 ግራሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከግማሽ ግራም ካልበለጠ ነው። ሕጉ በዚህ ስያሜ የሚገድበው ስኳሩን እንጂ የዱቄቱን ስታርች አይደለም። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ከዚህም የላላ ነው፤ የፍራፍሬ ጭማቂ ስኳር ሳይጨመርበት በራሱ ብዙ ስኳር ይዞ ሊገኝ ይችላል።

«ለስኳር ሕመምተኞች የተዘጋጀ» የሚለው ማስታወቂያም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። ጀርመን ለእነዚህ ምርቶች የተለየ ደንብ ከነበራቸው ሀገራት አንዷ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ደንቡን አንሥታለች። ሕመምተኛው ከሌላው ሰው የተለየ ልዩ ምግብ እንደማያስፈልገው ባለሙያዎች ስለተስማሙ ነበር። ስለዚህ ከፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ትቶ ማሸጊያውን ገልብጦ በጀርባው ያለውን ትንሽ ሠንጠረዥ ማንበብ ይገባል።

በሠንጠረዡ ላይ በቅድሚያ የሚታየው ቁጥሮቹ ለምን ያህል መጠን እንደተጻፉ ነው። አንዳንዱ ማሸጊያ ለ100 ግራም፣ ሌላው ደግሞ አምራቹ ራሱ ለወሰነው የአንድ ጊዜ መመገቢያ ይጽፋል። አምራቹ አንድ ጊዜ የሚበላው ሁለት ብስኩት ነው ብሎ ቢጽፍና ሰውየው ስድስት ቢበላ፣ ቁጥሩ በሦስት መባዛት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚፈለገው «ካርቦሃይድሬት» የሚለው መስመር ነው። ከሥሩ ገባ ብሎ «ከዚህ ውስጥ ስኳር» የሚል ሌላ መስመር ይገኛል። ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው፤ ለውሳኔ የሚያገለግለው ግን የላይኛው ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ስኳር አልባ ብስኩት በ100 ግራም ውስጥ 67 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከዚህ ውስጥ 0.4 ግራም ስኳርና 18 ግራም ፖሊዮል፣ እንዲሁም 5 ግራም አሰር እንዳለው ተጽፎበታል እንበል። አጠገቡ ያለው ተራ ብስኩት ደግሞ 72 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከዚህ ውስጥ 22 ግራም ስኳር ይላል። የእያንዳንዱ ፍሬ ክብደት 10 ግራም ነው። ሰውየው ከስኳር አልባው አራት ፍሬ ቢበላ 40 ግራም በላ ማለት ነው፤ 67ን በ40 አባዝተን ለ100 ስናካፍል ወደ 27 ግራም የሚጠጋ ካርቦሃይድሬት እናገኛለን። ከተራው ብስኩት አራት ፍሬ ቢበላ ደግሞ 29 ግራም ገደማ ይሆናል። በስኳር መስመር ላይ ሰማይና ምድር የሚመስለው ልዩነት በካርቦሃይድሬት መስመር ላይ ሁለት ግራም ብቻ ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ከ27 ግራሙ ውስጥ ሰባት ግራም ያህሉ ፖሊዮል ነው። ፖሊዮል ከስኳር ባነሰ መጠን ወደ ደም የሚገባ ማጣፈጫ ነው። ባለሙያዎች ለግምት ያህል ግማሹን ብቻ ስለሚቆጥሩ፣ በደም ስኳር ላይ ጫና የሚያሳድረው ካርቦሃይድሬት ወደ 23 ግራም ዝቅ ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም ገደማ በመሆኑ፣ ይህ ከአምስት እስከ ስድስት ማንኪያ ስኳር ከሚሰጠው ካርቦሃይድሬት ጋር ይቀራረባል። ሻዩን ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው በብስኩቱ በኩል ይህን ያህል ወሰደ ማለት ነው። ከተራው ብስኩት ጥቂት ይሻላል፤ ነገር ግን እንደ ልብ የሚበላ አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ቢሆን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

አሰር፣ በሌላ ስሙ ፋይበር፣ ከካርቦሃይድሬት ወገን ቢሆንም አንጀት እንደ ስታርች አይፈጨውም፤ የደም ስኳርንም እንደ ስታርች አያንረውም። አንዳንድ ዓይነቱ እንዲያውም ሌላው ካርቦሃይድሬት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። በዚህ የተነሣ አንዳንዶች የአሰሩን ቁጥር ከካርቦሃይድሬቱ ላይ ይቀንሳሉ። ሆኖም የአሜሪካና የአውሮፓ ማሸጊያዎች አሰርን የሚጽፉበት መንገድ የተለያየ ነው። በአሜሪካው አጻጻፍ «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» የሚለው ቁጥር አሰሩንም ይጨምራል፤ አሰሩም ከሥሩ ገባ ብሎ ይጻፋል። በአውሮፓው አጻጻፍ ግን አሰሩ አስቀድሞ ተቀንሶ ለብቻው በራሱ መስመር ይቀመጣል። ስለዚህ አንዱና ያው ብስኩት በአሜሪካ ማሸጊያ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከዚህ ውስጥ 6 ግራም አሰር ሲባል፣ በአውሮፓ ማሸጊያ 24 ግራም ካርቦሃይድሬትና ለብቻው 6 ግራም አሰር ይባላል። ይህን ያላወቀ ሰው ከ24 ላይ ዳግመኛ 6 ቀንሶ 18 ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። በተለይ የበላውን ካርቦሃይድሬት እየቆጠረ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በዚህ ስሌት መጠኑን አሳንሶ ይወስዳል።

ሁለቱን ለመለየት ብዙ አያስቸግርም። የአሜሪካው ቁጥሮቹን ለአንድ ጊዜ መመገቢያ ያሰፍራል፤ በቀኝ በኩል የመቶኛ ዓምድ አለው፤ ኃይልንም በካሎሪ ብቻ ይጽፋል። የአውሮፓው ለ100 ግራም ያሰፍራል፤ ኃይልንም በኪሎ ጁልና በኪሎ ካሎሪ ይጽፋል። ከባሕረ ሰላጤው ሀገራት የሚመጣ ዕቃ ሁለቱንም ዓይነት አጻጻፍ ሊይዝ ይችላል። ማሸጊያው የትኛው እንደሆነ ያልለየለት ሰው ምንም ሳይቀንስ ካርቦሃይድሬቱን እንዳለ ቢወስድ ለምርጫ ይበቃዋል፤ ለኢንሱሊን ስሌት ግን ከሐኪሙ ጋር ሊመክርበት ይገባል።

አሰር ሌላም ጥቅም አለው፤ ቡናማ ቀለም ያለው ዳቦ ወይም ብስኩት በእርግጥ ካልተነፋ ዱቄት የተሠራ መሆኑን ለመገመት ይረዳል። ቀለም በካራሜል ወይም በብቅል ሊመጣ ስለሚችል ዓይን ያታልላል። ለእያንዳንዱ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢያንስ 1 ግራም አሰር ካለ ምርቱ ደህና ነው ማለት ይቻላል። 50 ግራም ካርቦሃይድሬትና 2 ግራም አሰር ያለው «ቡናማ» ዳቦ ግን በቀለሙ ካልሆነ በቀር ከነጩ አይለይም።

በመጨረሻ የሚታየው የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ከብዙው ወደ ጥቂቱ በመሆኑ፣ መጀመሪያ ላይ የሰፈረው ምርቱ በዋናነት የተሠራበት ነው። ማጣፈጫዎቹም እዚህ ይገኛሉ፤ አንዳንድ ጊዜ በስማቸው፣ አንዳንድ ጊዜም በ«ኢ» ፊደልና በቁጥር።

ሱክራሎስ (ኢ 955)፣ አስፓርቴም (ኢ 951)፣ ሳካሪንና (ኢ 954) ከስቴቪያ ቅጠል የሚወጣው ማጣፈጫ (ኢ 960) እጅግ በጥቂት መጠን ስለሚያጣፍጡ በራሳቸው የደም ስኳርን ከፍ አያደርጉም። ፖሊዮሎቹ ሌላ ወገን ናቸው። «የስኳር አልኮል» ተብለው ቢጠሩም የሚያሰክር አልኮል የለባቸውም፤ በዚህ ረገድ በሃይማኖቱ ምክንያት የሚጠነቀቅ ሰው ሊሠጋ አይገባም። ከመካከላቸው ኤሪትሪቶል (ኢ 968) በደም ስኳር ላይ ለውጥ አያመጣም ሊባል ይችላል። በብስኩትና በቸኮሌት ውስጥ የሚዘወተረው ማልቲቶል (ኢ 965) ግን ከስኳር ባነሰ መጠንም ቢሆን ከፍ ያደርገዋል። ማልቲቶልና ሶርቢቶል ሲበዙ ሆድ ይነፋሉ፣ ያስቀምጣሉም። በአውሮፓ ከመቶው ከዐሥር እጅ በላይ ፖሊዮል የተጨመረበት ምርት ይህን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲኖረው ግዴታ ስለሆነ፣ ጽሑፉን ያየ ሰው ፖሊዮሉ ብዙ መሆኑን ከዚያው ይረዳል።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ማልቶዴክስትሪን ነው። ከስታርች ተሰባብሮ የሚሠራ ነጭ ዱቄት ሲሆን፣ በሠንጠረዡ ከስኳር መስመር ሳይቆጠር ሊያልፍ ይችላል፤ ሰውነት ግን ወደ ግሉኮስ የሚለውጠው በፍጥነት ነው። ሲበዛ የሚያጋልጠው የካርቦሃይድሬት መስመር ብቻ ነው። ዴክስትሮስ፣ የግሉኮስ ሽሮፕ፣ ማርና የቴምር ሽሮፕም ስማቸው ይለያይ እንጂ ስኳር ናቸው።

የመለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው ስሌቱን በራሱ ሰውነት ማረጋገጥ ይችላል። ከመብላቱ በፊት ይለካል፤ ሌላ ምግብ ሳይጨምር የቆጠረውን ብስኩት ብቻ ይበላል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም ይለካል። ሐኪም የተለየ ግብ ካልሰጠ በስተቀር ከምግብ በኋላ ለብዙ አዋቂዎች የሚፈለገው ከ180 ሚሊ ግራም በታች ነው። ከዚያ ካለፈ መጠኑን በግማሽ ቀንሶ በሌላ ቀን መሞከር ይቻላል። ቅባቱ የበዛ ቸኮሌት የስኳሩን ጭማሪ ሊያዘገየው ስለሚችል ለእርሱ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ልኬት መጨመር መልካም ነው።

ስኳር አልባ ምርት ፈጽሞ የማይረዳበት ጊዜም አለ። ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳርን በኃይል የሚቀንስ ክኒን የሚወስድ ሰው ላብ ላብ ሲለው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲርበውና ግራ ሲጋባ የደም ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ቤተሰብ ደንግጦ «ለስኳር በሽተኛ የሚሆነው ይህ ነው» በማለት ስኳር አልባ ለስላሳ ቢያጠጣው ደሙ ውስጥ የሚገባ ምንም ስኳር የለም። የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል ትክክለኛ ስኳር ነው፤ ይኸውም በውኃ የተበጠበጠ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ብርጭቆ ተራ ለስላሳ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይደገማል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ሊታነቅ ስለሚችል በአፉ ምንም ሳይሰጥ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።