በማሽኑ ላይ 4.5 ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ከታማሚው ራስጌ፣ ብረት ላይ የታሰረች ትንሽ ማሽን አለች። ባለሙያዎቹ ሲሪንጅ ፓምፕ ይሏታል። 50 ሚሊሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ተጋድሞባት፣ መግፊያውን ዓይን በማያየው ዝግታ ትገፋለች። መስኮቷ ላይ፣ ለምሳሌ፣ 4.5 ml/h የሚል ቁጥር ይነበባል። ሊጠይቅ የገባ ቤተሰብ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ትናንት 4.5 የነበረው ዛሬ 9 ሆኖ ሲያገኘው ይደነግጣል፤ ወደ 2.3 ወርዶ ሲያየው ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሻለው» ይላል። ሁለቱም ላይሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚናገረው ፈሳሹ በሰዓት ምን ያህል እንደሚገባ ብቻ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ያለው መድኃኒት ምን ያህል እንደሆነ፣ ለስንት ኪሎ ሰው እንደሚሰጥ ግን አይናገርም።

እውነተኛው መጠን ያለው ሐኪሙ በካርዱ ላይ ባሰፈረው ትእዛዝ ነው፤ እሱም የሚጻፈው በማይክሮግራም፣ በኪሎ፣ በደቂቃ ነው። ከዚያ ትእዛዝ ተነስቶ 4.5 ላይ የሚደረሰው በአራት መስመር ስሌት ነው። ስሌቱ ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ አይከብድም። የሚያስፈራው አንድ ዜሮ ወይም አንድ 60 ሲዘለል የታማሚው የደም ግፊት በደቂቃዎች ውስጥ መልሱን መስጠቱ ነው።

እንበልና 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በሳንባ ምች ታሞ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሙ ተሰራጭቶ ሆስፒታል ገባ። ግፊቱ 80 በ40 ነው። ሐኪሞቹ ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች አማካይ ግፊት የሚሉትን ያወጣሉ፤ የላይኛውና የታችኛው ልዩነት ሲሶ በታችኛው ላይ ይደመራል። የዚህ ሰው 53 ገደማ ይመጣል። ኩላሊትና አንጎል የሚበቃቸውን ደም እንዲያገኙ በመጀመሪያ የሚታለመው ደግሞ 65 ነው። በኪሎ 30 ሚሊሊትር ተሰልቶ 1.8 ሊትር ፈሳሽ በደም ሥሩ ተሰጠው፤ ግፊቱ ግን አልተነሳም። ደም ሥሮቹ ከመጠን በላይ ልልተዋልና ፈሳሹ ብቻውን አልሞላቸውም። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ የሚመረጠው መድኃኒት ኖርአድሬናሊን ነው፤ ኖርኢፒነፍሪንም ይባላል። የላሉትን ደም ሥሮች ያጠብቃል።

ኖርአድሬናሊን ደም ውስጥ አይቆይም። በሁለት ደቂቃ አካባቢ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ እንደ አንቲባዮቲክ ጠዋት ማታ የሚወጋ ነገር አይደለም፤ ሳይቋረጥ መግባት አለበት፣ መጠኑም በደቂቃ ይታሰባል። ለ45 ኪሎ ሴት የሚበቃው ለ90 ኪሎ ወንድ ስለማይበቃ ደግሞ በኪሎ ይባዛል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነም መለኪያው ማይክሮግራም ነው፤ የሚሊግራም አንድ ሺህኛ።

ሐኪሙ 0.1 mcg/kg/min ብሎ አዘዘ። ነርሷ በመጀመሪያ 0.1ን በ60 ኪሎ ታባዛለች፤ 6 ማይክሮግራም በደቂቃ ይሆናል። ፓምፑ የሚያውቀው ሰዓትን ስለሆነ 6ን በ60 ደቂቃ ስታባዛው 360 ማይክሮግራም በሰዓት ይሆናል። ቀጥሎ ሲሪንጁን ታያለች። ባለ 4 ሚሊሊትሩ አምፑል 4 ሚሊግራም ይዟል፤ ያ 4,000 ማይክሮግራም ነው። 46 ሚሊሊትር ግሉኮስ ላይ ጨምራ 50 ሚሊሊትር ስትሞላው፣ እያንዳንዱ ሚሊሊትር 80 ማይክሮግራም ይይዛል። 360 ለ80 ሲካፈል 4.5 ይሆናል። የመስኮቱ ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው።

ፍጥነት = መጠን × ክብደት × 60 ÷ በአንድ ሚሊሊትር ያለው ማይክሮግራም

ጥሩ ነርስ እዚህ አታቆምም፤ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ትመለሳለች። 4.5ን በ80 ታባዛለች፣ ለ60 ደቂቃ ታካፍላለች፣ እንደገና ለ60 ኪሎ ታካፍላለች። 0.1 ከመጣ ልክ ነው። ይህ የመልስ ጉዞ ከሁሉም ማረጋገጫ እንደሚበልጥ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሁለተኛ ሰው የመጀመሪያውን ወረቀት ሳያይ፣ ማሽኑንና የሲሪንጁን ጽሑፍ ብቻ አይቶ ሊሠራው ይችላል። አንዱን 60 የዘነጋ ሰው ማሽኑን 0.075 ላይ ያደርገዋል፤ ታማሚው የሚያገኘው ከታዘዘለት ከስድሳ አንዱን እጅ ነው። ግፊቱ አልነሳም ሲል «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ይባላል፤ መድኃኒቱ ግን ገና አልደረሰውም። በመልስ ጉዞው ይህ ወዲያው ይታያል።

በሥራ ተረኛ ለውጥ ላይ የሚሰማው ጥያቄም ከዚህ የመጣ ነው።

«ሲስተር፣ ኖርአድሬናሊኑ ስንት ላይ ነው?»

«4.5 ላይ ነው ዶክተር።»

«በስንት ነው የበጠበጣችሁት?»

«4 ሚሊግራም በ50። ኪሎው 60።»

የመጨረሻው መልስ ባይኖር 4.5 ምንም አይነግረውም። በሌላ ሆስፒታል፣ አንዳንዴም በዚያው ክፍል በሌላ ተረኛ፣ ፈሳሽ ለመቆጠብ ተብሎ 8 ሚሊግራም በ50 ይበጠበጣል። ያኔ አንዱ ሚሊሊትር 160 ማይክሮግራም ይይዛል፤ ትክክለኛው ፍጥነትም 2.25 ነው። ሲሪንጁ ሲያልቅ አዲሱ በእጥፍ ተበጥብጦ መጥቶ ማሽኑ በ4.5 ከቀጠለ ታማሚው ያለ ማንም ትእዛዝ 0.2 እያገኘ ነው። የሚያጋልጠው ምልክት ጊዜው ነው። ግፊቱ ሲሪንጅ በተቀየረ በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ከተተኮሰ፣ ከበሽታው በፊት ሲሪንጁ ይጠየቃል። ቤተሰብ «ወረደ» ብሎ የተደሰተባት 2.3ም እንዲሁ የታማሚው መሻል ሳትሆን የበጠበጡት መወፈር ልትሆን ትችላለች።

ስለ አምፑሉ አንድ ነገር ልጨምር። ኖርአድሬናሊን የሚመረተው በጨው መልክ ነው፤ 8 ሚሊግራም ጨው 4 ሚሊግራም ንጹሕ መድኃኒት አለው። አንዱ አምራች ስያሜው ላይ የጨውን፣ ሌላው የንጹሑን ክብደት ይጽፋል። ትእዛዙ በንጹሑ ሆኖ ስሌቱ በጨው ከተሠራ ታማሚው ግማሹን ብቻ ያገኛል። አቅራቢ በተለወጠ ቁጥር ትንሿን ጽሑፍ ማንበብ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስሌቱ ልክ ሆኖም መድኃኒቱ የሚዘገይበት ቦታ አለ፤ ቱቦው። ከሲሪንጁ እስከ ደም ሥሩ ያለው ቱቦ 1.5 ሚሊሊትር ይይዛል እንበል፤ ቀድሞም በመድኃኒቱ ሳይሞላ በባዶ ፈሳሽ ተሞልቶ ተገናኘ። በሰዓት 4.5 ሲገፋ ያንን 1.5 ለመጨረስ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። 20 ደቂቃ ሙሉ ማሽኑ «እየሰጠሁ ነው» ይላል፣ ታማሚው ጋ አንዲት ማይክሮግራም አልደረሰችም። ግፊቱ ያሳሰበው ሰው ፍጥነቱን ይጨምራል፤ እንደገና ይጨምራል፤ በመጨረሻ መድኃኒቱ ሲደርስ በሦስት እጥፍ ፍጥነት ይገባል። መፍትሔው ቱቦውን አስቀድሞ በመድኃኒቱ መሙላትና በተቻለ መጠን ለደም ሥሩ ቅርብ በሆነ ቦታ ማገናኘት ነው።

የዚያው ቱቦ ሌላ አደጋ ከዚህ ይከፋል። አንድ ሰው ሌላ መድኃኒት ለመስጠት ብሎ በዚያው መስመር ፈሳሽ ቢገፋ፣ ቱቦው ውስጥ የነበረው 1.5 ሚሊሊትር ባንዴ ይገባል። 1.5 በ80 ሲባዛ 120 ማይክሮግራም ነው፤ ለ20 ደቂቃ የተመደበው መጠን በአንድ ትንፋሽ። ግፊቱ ከ200 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የኖርአድሬናሊን መስመር ለብቻው ይያዛል፣ ስሙም ይለጠፍበታል፤ ሌላ ነገር አይገፋበትም።

ፓምፕ በሌለበት ወይም ያሉት ሁሉ በተያዙበት ክፍል ይኸው ስሌት ወደ ጠብታ ይለወጣል። 4 ሚሊግራሙ በ250 ሚሊሊትር ቢበጠበጥ አንዱ ሚሊሊትር 16 ማይክሮግራም ይይዛል፤ ለኛ ታማሚ በሰዓት 22.5 ሚሊሊትር ያስፈልጋል። ለሕፃናት የሚያገለግለው ጠብታው የደቀቀ ስብስብ 60 ጠብታ አንድ ሚሊሊትር ስለሚሆን፣ የሰዓቱ ሚሊሊትርና የደቂቃው ጠብታ እኩል ይመጣሉ፤ 22 ወይም 23 ጠብታ በደቂቃ። በአዋቂ ስብስብ፣ 20 ጠብታ አንድ ሚሊሊትር በሚሆንበት፣ 7.5 ጠብታ ይሆናል። እዚያ ላይ አንዲት ጠብታ መጨመር ወይም መቀነስ መጠኑን 13 በመቶ ያናውጠዋል፤ ታማሚው ክንዱን ሲያጥፍ ደግሞ ጠብታው ራሱ ይለወጣል። በጠብታ የሚሰጥ ከሆነ በደቀቀው ስብስብ ይሁን፤ አጠገቡም ሰዓት ይዞ የሚቆጥር፣ ግፊቱንም ደጋግሞ የሚለካ ሰው ይኑር።

ክብደቱስ? ከአልጋ የማይነሳን ሰው ሚዛን ላይ ማቆም አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ተጠይቆ ወይም በዓይን ተገምቶ ይጻፋል። መድኃኒቱ የሚስተካከለው የግፊቱን ምላሽ እያዩ ስለሆነ የጥቂት ኪሎ ስሕተት ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው መለዋወጡ ነው። ፈሳሽ ተሰጥቶት ያበጠውን ሰው ዛሬ 60፣ ነገ 66 ብሎ የሚያሰላ ክፍል፣ በሁለቱ ቀን የተጻፉትን መጠኖች ማወዳደር ያቅተዋል። ስለዚህ በገባበት ቀን የተያዘው ኪሎ በሲሪንጁ ላይ ተጽፎ እስከ መጨረሻው ይሠራበታል።

ለዚህ ታማሚ፣ በዚህ ብጥብጥ፣ በሰዓት አንድ ሚሊሊትር ማለት 0.022 ማይክሮግራም በኪሎ በደቂቃ ነው። ይህችን ቁጥር ካርዱ ላይ የጻፈች ነርስ ሌሊት ለእያንዳንዱ ለውጥ ከሥር አትጀምርም። ግፊቱ 58 ላይ ቆሞ ሐኪሙ ወደ 0.2 ቢያሳድገው ማሽኑ 9 ላይ ይሆናል፤ 50 ሚሊሊትሩም ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ያልቃል። ተተኪው ሲሪንጅ ከዚያ አስቀድሞ ተበጥብጦ መጠበቅ አለበት፤ የመድኃኒቱ ዕድሜ ሁለት ደቂቃ ነውና ባዶ ሲሪንጅ ይዞ አምፑል መፈለግ ግፊቱን መጣል ነው። መጠኑ 0.25 አካባቢ ደርሶ ግፊቱ አሁንም ካልበቃ፣ ያንኑ ብቻ ከመጨመር ይልቅ ቫሶፕሬሲን የሚባል ሌላ መድኃኒት፣ በሚገኝበት፣ ይታከላል። ሲሻለውም በአንዴ አይነቀልም። ግፊቱ ከ65 በላይ ጸንቶ ሲቆይ በ0.02፣ በዚህ ታማሚ ማሽን ላይ በ0.9 ሚሊሊትር፣ እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ከእያንዳንዱ ቅነሳ በኋላም ግፊቱ እንደገና ይለካል።