አንድ ተራራ፣ ሁለት ዋጋ

ከዛሪማ ቀና ብሎ የስሜንን ገደል ለሚያይ ሰው ማንም ሒሳብ አይጠይቀውም። ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወደ ሳንቃ በር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ ካምፖች መዝለቅ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ደባርቅ በሚገኘው የስሜን ፓርክ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ይከፍላል። ዋጋውም ለሁሉም አንድ አይደለም፤ የውጭ አገር ዜጋ ከኢትዮጵያዊው በእጅጉ የበለጠ ይከፍላል። መንገዱ ያው፣ ጭላዳውም ያው፣ ቅዝቃዜውም ያው ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

አንዳንዱ ጎብኚ ይህን እንደ በደል ይቆጥረዋል። አንዳንዱ የአገሬ ሰው ደግሞ «ሀብታም ለድሃ ይደጉም» ብሎ ይረዳዋል። ሁለቱም ከነገሩ ጥግ አልደረሱም። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ፒጉ በ1920 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ ዋጋን ለያይቶ የመሸጥን መንገዶች በሦስት ደረጃ ከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው እያንዳንዱን ገዢ የመክፈል አቅሙ ጥግ ድረስ ማስከፈል ነው። ሁለተኛው፣ ዛሬ በተለመደው አተረጓጎም፣ ዋጋውን በሚገዛው መጠን ልክ መለዋወጥ ነው። ሦስተኛው ገዢዎችን በሚታይ ምልክት በቡድን ከፍሎ ለየቡድኑ የተለያየ ዋጋ መቁረጥ ነው። የደባርቁ አሠራር መልኩ የሦስተኛው ነው፤ ምልክቱም ፓስፖርትና መታወቂያ ነው።

ይህ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። መጀመሪያ ሻጩ ብቸኛ መሆን አለበት። ዛሪማ ላይ ሻይ የሚሸጥ ሰው ለጭነት መኪና ሾፌሮች ዋጋውን እጥፍ ቢያደርግ ሾፌሩ ቀጥሎ ወዳለው ሻይ ቤት ይሻገራል። ዋሊያ አይቤክስ ግን በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚኖረው በስሜን ብቻ ነው። ዩኔስኮም በ1978 (እ.ኤ.አ.) ፓርኩን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ስላለው ነው። ሁለተኛ፣ በርካሽ የገዛው ቡድን በውድ ለሚገዛው መልሶ መሸጥ የማይችል መሆን አለበት። ስኳር ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያዊው በርካሽ ገዝቶ ለፈረንጁ በመሸጥ ያተርፍበት ነበር፤ ሁለቱ ዋጋዎችም ብዙም ሳይቆዩ አንድ ይሆኑ ነበር። የመግቢያ ትኬት ግን የሚሠራው በያዘው ሰው አካል ነውና አይተላለፍም። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ሁለቱ ቡድኖች ለዋጋ ያላቸው ስሜት መለያየት አለበት።

የውጭ ጎብኚው እስከ ደባርቅ ለመድረስ የአውሮፕላን፣ የመኪና፣ የሆቴል ከፍሏል፤ ቀጥሎም ለአስጎብኚ፣ ለስካውት፣ ለበቅሎ ይከፍላል። ከዚህ ሁሉ ወጪ አንጻር የመግቢያው ትንሽ ነው። መቶ ብር ቢጨመርበት ከበሩ የሚመለሰው ጥቂቱ ነው። ከጎንደር ለሚመጣ ተማሪ ወይም ልጆቹን ይዞ ከዳባት ለሚነሣ ቤተሰብ ግን ያችው መቶ ብር ጉዞውን ታስቀራለች።

እዚህ ላይ አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። የዋጋ ልዩነት ሁሉ ይህን ዓይነት አይደለም። የዛሪማ ማሽላ ደባርቅ ላይ ቢወደድ ሊማሊሞን ለመውጣት የተከፈለው የጭነት ዋጋ ስለተጨመረበት ሊሆን ይችላል። እኛ የምንናገረው ሻጩን እኩል ወጪ ስለሚያስወጣ፣ ነገር ግን እኩል ስለማይከፈልበት ነገር ነው።

ታዲያ ትርፉን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ብቸኛ ሻጭ ሁለቱን ዋጋዎች በምን ይቆርጣል? ቁጥር ይዘን እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተመረጡ ናቸው እንጂ የፓርኩ ዋጋ አይደሉም። አንድ ተጨማሪ ሰው ሲገባ፣ የማንም አገር ሰው ይሁን፣ ለመንገድ ጥገና፣ ለጥበቃና ለጽዳት 40 ብር ያስወጣል እንበል። ይህ ኅዳጋዊ ወጪ ነው። የመግቢያው ዋጋ 1200 ብር ከሆነ አንድም የውጭ ጎብኚ አይመጣም፤ ዋጋው በ10 ብር በቀነሰ ቁጥር በቀን አንድ ሰው ይጨመራል። ኢትዮጵያውያኑ ደግሞ በ200 ብር ማንም አይመጣም፤ ዋጋው በ2 ብር በቀነሰ ቁጥር አንድ ሰው ይጨመራል።

የውጭ ጎብኚው ዋጋ 630 ብር ቢሆን 57 ሰው ይገባል፤ ገቢውም 35,910 ብር ይሆናል። 58ኛውን ሰው ለማምጣት ዋጋው ወደ 620 መውረድ አለበት። ሰውየው 620 ብር ይዞ ይመጣል፤ ነገር ግን 57ቱም እያንዳንዳቸው 10 ብር ቀንሰው ይከፍላሉ፣ 570 ብር ይጎድላል። ስለዚህ 58ኛው ሰው በእውነት የጨመረው 50 ብር ብቻ ነው። ኅዳጋዊ ገቢ የሚባለው ይህ ነው፤ ከዋጋው ብዙ የሚያንሰውም ለዚሁ ነው። 50 ብር ከ40 ብር ወጪ ስለሚበልጥ ሰውየው ይግባ። 59ኛውስ? ዋጋው 610 ሆኖ ገቢው 35,990 ይደርሳል፤ ጭማሪው 30 ብር ነው፣ ወጪው 40። ስለዚህ ሻጩ 58 ላይ ይቆማል፣ ዋጋውም 620 ብር ይሆናል።

በኢትዮጵያውያኑ በኩልም እንዲሁ ይቆጠራል። በ122 ብር 39 ሰው፣ በ120 ብር 40 ሰው፣ በ118 ብር 41 ሰው ይገባል። 40ኛው ሰው 42 ብር ይጨምራል፣ 41ኛው 38 ብር። ከ40 ብር ወጪ ጋር ሲመዘን ማቆሚያው 40 ሰው፣ ዋጋው 120 ብር ነው። በሁለቱም በኩል መለኪያው አንድ ነው፤ የመጨረሻው ሰው የሚጨምረው ገቢ ከሚያስወጣው ወጪ ጋር እስኪተካከል መሄድ። ዋጋዎቹ የተራራቁት ከዚያ በኋላ ነው። ለዋጋ ደንታ የሌለው ቡድን ላይ ዋጋው ከወጪው እጅግ ይርቃል፤ ዋጋ የሚያባርረው ቡድን ላይ ይቀርባል።

አሁን «ፍትሕ ይሁን፣ ዋጋው ለሁሉም አንድ ይሁን» ብንል ምን ይሆናል? በ200 ብር ወይም ከዚያ በታች ቢሸጥ ከሁሉም የሚገኘው ትርፍ ከ16,000 ብር አያልፍም። በ620 ብር ለውጭ ጎብኚ ብቻ ቢሸጥ ግን 33,640 ብር ያተርፋል። ትርፍ የሚሻ ሻጭ አንድ ዋጋ ብቻ ቁረጥ ከተባለ 620ን ይመርጣል፤ ኢትዮጵያዊው አንድም አይገባም። ለውጭ ጎብኚውም አንዲት ብር አይቀንስለትም። በዚህ ምሳሌ ሁለት ዋጋ መኖሩ ማንንም ሳይጎዳ 40 ሰው በር አስገብቷል፤ ትርፉንም ወደ 36,840 ብር አድርሶታል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱ ቡድኖች የመክፈል አቅማቸው ቢቀራረብ ኖሮ አንዱ ዋጋ መሐል ላይ ይወድቅ ነበር፤ ያኔ መለየቱ ለአንዱ ወገን ዋጋ ጭማሪ ይሆናል። ሁለት ዋጋን ከመንቀፍም ከማወደስም በፊት መጠየቅ ያለበት «በዚህ ሳቢያ የገባ አዲስ ሰው አለ ወይ?» የሚለው ነው።

እስካሁን ሁለቱ ቡድኖች አልተነካኩም። የሚነካኩት ቦታ ሲጠብ ነው። ካምፖቹ በቀን 80 ሰው ብቻ ያስተናግዳሉ እንበል፤ ቀድሞ ያገኘነው 98 ሰው ሁሉ ሊገባ አይችልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ርካሹን ከፋይ እናስቀር» ይላል። ስሌቱ ግን ከሁለቱም መቀነስ እንዳለበት ያሳያል። የውጭ ጎብኚውን 55፣ ኢትዮጵያዊውን 25 ብናደርግ ዋጋዎቹ 650 እና 150 ብር ይሆናሉ፤ የሁለቱም ኅዳጋዊ ገቢ 100 ብር ገደማ ላይ ይገናኛል። 25ኛውን ኢትዮጵያዊ አስወጥቶ በቦታው 56ኛውን የውጭ ጎብኚ ማስገባት ትርፍ የለውም፤ ዋጋው ለውጭ ጎብኚዎች ሁሉ ሲወርድ የሚጎድለው ተቀንሶ 56ኛው የሚጨምረው፣ 25ኛው ሲወጣ ከሚጎድለው ያንሳል። 650 ብር የሚከፍለው ሰው ከ150 ብር ከፋዩ ይልቅ ሁልጊዜ ይበልጥ ያተርፋል የሚለው እምነት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሰሜኑ የሚመጣውን የውጭ ጎብኚ ክፉኛ ቀንሶታል፤ ደባርቅም የዚያን ሸክም ተሸክማለች። እንዲህ ባለ ጊዜ «ዋጋው ይቀነስ» የሚል ሐሳብ ይነሣል። በምሳሌያችን የሚመጡት ሰዎች በግማሽ ቢቀንሱ፣ ነገር ግን የቀሩት እንደ ቀድሞዎቹ ለመክፈል ፈቃደኛ ቢሆኑ፣ ስሌቱ 29 ሰው በዚያው በ620 ብር ይሰጣል። ዋጋው አይወርድም። የሚወርደው የሚመጡት ሰዎች ራሳቸው ለዋጋ ይበልጥ የሚጠነቀቁ ሲሆኑ ነው፤ ለምሳሌ ከ600 ብር በላይ ማንም የማይከፍል ቢሆን ዋጋው 320 ብር ይሆናል። ሰው የቀረው በዋጋ ምክንያት ከሆነ ዋጋ መቀነስ ይመልሰዋል። መንገዱን ፈርቶ የቀረውን ግን የመግቢያ ቅናሽ አያመጣውም።

ተመሳሳይ አሠራር በአገር ውስጥ በረራም ይታያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ለሚበር የውጭ ዜጋ ከነዋሪው የበለጠ ሲያስከፍል ኖሯል፤ ወደ አገሪቱ የመጣው በራሱ በአየር መንገዱ ዓለም አቀፍ በረራ ከሆነ ግን ይቀንስለታል። ትኬቱ ስም ስላለበት መልሶ አይሸጥም።

ፓርኩ ግን ነጋዴ አይደለም። የሚያስተዳድረው የመንግሥት ተቋም ነው፤ ዓላማውም ትርፍ ብቻ ሳይሆን ዋሊያውን ማቆየትና ዜጋው አገሩን እንዲያይ ማድረግ ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊው ከ120 ብር በታች፣ እስከ 40 ብር ድረስ ወርዶ ቢያስከፍል በዚህ ምሳሌ ከዚያ ወገን ምንም አይከስርም፤ የሚያጣው ሊያገኝ ይችል የነበረውን ትርፍ ነው። የውጭ ጎብኚው ዋጋም በዚህ ምክንያት መጨመር የለበትም፤ ቦታ እስካልጠበበ ድረስ ሁለቱ ስሌቶች አይገናኙምና። «የውጭ ጎብኚ ስለቀረ የአገሬው ሰው መግቢያ ይጨመር» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ከገበያው ስሌት ድጋፍ አያገኝም። የውጭ ጎብኚው ቢመጣም ባይመጣም፣ የዳባቱ ቤተሰብ መክፈል የሚችለው ያንኑ ነው።