የላሊበላው የኪራይ ቤትና የባሕር ማዶው ዶላር

ከላስታ ወጥቶ በባሕር ማዶ የሚኖር ቤተሰብ ጥቂት ጥሪት ሲይዝ አስቀድሞ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ፣ በላሊበላ ከተማ በወላጆቹ ይዞታ ላይ የኪራይ ቤት ሠርቶ፣ ለአረጋውያኑ በየወሩ ሲልከው የኖረውን ገንዘብ ኪራዩ እንዲተካለት ማድረግ ነው። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ቤቱ በዶላር ተሠርቶ በብር የሚከፍል መዋዕለ ንዋይ በመሆኑ፣ ሒሳቡ ከመሠረቱ ሊመረመር ይገባል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በሚመነዘርበት ዘመን 20,000 ዶላር፣ ማለትም 1,140,000 ብር ልኮ አራት ክፍል ቤት አሠራ እንበል። እያንዳንዱ ክፍል በወር 3,000 ብር ቢከራይ የወሩ ገቢ 12,000፣ የዓመቱም 144,000 ብር ይሆናል። ይሁን እንጂ አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ በዓመት የሁለት ወር ኪራይ ቢታጣ 120,000 ብር ይቀራል፤ ከዚህም ላይ ለግብር፣ ለእድሳትና ኪራይ ለሚሰበስበው ወኪል 30,000 ብር ቢቀነስ የተጣራው ገቢ 90,000 ብር ነው።

እድሳቱን ማንም አቅልሎ እንዳያየው። በላስታ ደጋ ክረምት ቆርቆሮውን የያዘው ሚስማር በነፋስ ላልቶ ጎማው ሲደርቅ፣ ውኃው በቀዳዳው ሰርጎ በመጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ይሠራል፤ ያን ጊዜ በጥቂት ብር የሚጠገነው ነገር፣ ባለቤቱ ሩቅ ወኪሉም ቸልተኛ ሆኖ ሁለት ክረምት ካለፈበት፣ ማገሩን አበስብሶ የብዙ ወር ኪራይ ይበላል።

የተከራዩም ምንጭ ሊታወቅ ይገባል። መምህሩ፣ ነርሱና የባንክ ሠራተኛው ደመወዛቸው ከጎብኚ ጋር አይወጣም አይወርድም፤ አስጎብኚውና የሆቴል ሠራተኛው ግን፣ ወረርሽኙ በ2012 ዓ.ም. ገብቶ ጎብኚ ሲቀር፣ ከተማይቱም በ2013 ዓ.ም. ክረምት የጦርነት ሜዳ ስትሆን፣ የኪራይ መክፈያቸው አብሮ ደርቋል። ለልደት በዓል የሚመጡት ምእመናን የሚሰጡት የጥቂት ቀን ገቢ መልካም ቢሆንም፣ ዓመቱን የሚሸከም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ቤተሰብ ለወላጆቹ በወር 100 ዶላር፣ በዓመትም 1,200 ዶላር ይልክ ነበር እንበል። በ57 ብር ምንዛሪ ይህ 68,400 ብር ነበርና፣ 90,000 ብር የሚያስገባው ቤት በእርግጥ የተሻለ መስሎ ታየ። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ዶላሩ 75 ብር ሲደርስ ነው። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ በለቀቀበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ዶላሩን ከ74 ብር በላይ ገዛ፤ በኋላም ተመኑ ከ120 ብር አልፎ ሄደ። በ125 ብር ስናሰላው ያው 1,200 ዶላር 150,000 ብር ሲሆን፣ ኪራዩ ካልተነሣ 90,000 ብር ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ባለቤቱ ካፈሰሰው 20,000 ዶላር የሚያገኘው የዓመት ፍሬም ከ1,579 ወደ 720 ዶላር ይወርዳል።

ነገሩ እንዲህ የሆነው የሚላከው ዶላር የብር ዋጋ በወረደ ቁጥር ራሱን በራሱ ስለሚያስተካክል፣ ኪራይ ግን የተከራዩ ደመወዝ ከፈቀደው በላይ ስለማይሄድ ነው። ወጪው እንኳ ባይጨምር 150,000 ብር ለማግኘት የወሩ ኪራይ ወደ 18,000 ብር ከፍ ማለት አለበት፤ ይህም በግማሽ መጨመር ሲሆን፣ ደመወዙ በዚያው ልክ ያላደገ መምህር የሚችለው አይደለም። ሕጉም አለ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አዝዞ፣ የጭማሪውን ልክ ለተቆጣጣሪው አካል ሰጥቷል።

ሲሚንቶና ብረት ስለ ተወደደ ቤቱ ራሱ በብር ዋጋው ከፍ ብሏል የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ያ ትርፍ ግን ቤቱ ካልተሸጠ ለአረጋውያኑ ጤፍና መድኃኒት አይገዛም። በአንጻሩ 20,000 ዶላሩ ወለድ ባይወልድ እንኳ፣ በወር 100 ዶላር እየተላከ ለ16 ዓመት ከ8 ወር ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ቤቱን ለርስትነት፣ ወይም አንድ ቀን ተመልሶ ሊኖርበት የሚሠራ ሰው ይሥራ፤ የወላጆቹን ቀለብ ግን በኪራዩ ላይ ብቻ አይጣል። ይልቁንም ኪራዩን ለእድሳትና ለከፊል ቀለብ መድቦ፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት መላኪያ ዶላር በእጁ ይያዝ፤ ከመሥራቱም አስቀድሞ የሚጠብቀውን የተጣራ ኪራይ በዓመት በሚልከው ዶላር አካፍሎ፣ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበትን ምንዛሪ ይወቅ። ያ ቁጥር ከዕለቱ የባንክ ተመን ብዙም ካልራቀ፣ ቤቱ መላኩን አያስቀርለትም።