ውሃ የማይጠጣ ሴራሚክ ሁሉ እግር አይዝም

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ሻወሩ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫና የእጅ መታጠቢያው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጠባብ ወለል ይጋራሉ። መጋረጃ ቢሰቀልም ውሃው በሩ ድረስ ይደርሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ጥጉ ላይ በርሜል ይቆማል፤ ገላ በጆግ እየተቀዳ ይታጠባል፤ ልብስም እዚያው በሳፋ ይታጠባል። ወለሉ ደርቆ የሚውልበት ሰዓት ጥቂት ነው። ባለቤቱ ሴራሚክ ሊገዛ ሲወጣ የሚያየው ግን ደረቁን ነው፤ ናሙናው ሰሌዳ ላይ ቆሞ በሱቁ መብራት ያብረቀርቃል።

ዋጋና ቀለም ከተጠየቀ በኋላ ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያክላት አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ፖርሰሊን ነው፣ ውሃ አይጠጣም።» ንግግሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ገዢውም ለእርጥብ ክፍል የሚሆነውን ያገኘ መስሎት ይከፍላል። ይሁንና ውሃ አለመጠጣትና አለማንሸራተት ሁለት የተለያዩ ባሕርያት ናቸው። እንዲያውም እንደ መስታወት የተወለወለው ፖርሰሊን ከሴራሚክ ሁሉ በጣም ትንሽ ውሃ ከሚጠጡት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ውሃና ሳሙና ሲነካው ከሁሉም ይበልጥ ከሚያንሸራትቱት ይመደባል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው።

የመጀመሪያው ሴራሚኩ ምን ያህል ውሃ ይጠጣል የሚለው ነው። ዓለም አቀፉ የሴራሚክ ደረጃ ሰሌዳዎቹን የሚመድበው ከክብደታቸው አንጻር በመቶኛ በሚጠጡት ውሃ ነው። ፖርሰሊን የሚባለው ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። የግድግዳ ሴራሚክ ደግሞ ከ10 በመቶ በላይ ይጠጣል። ከላይ የተቀባው አንጸባራቂ ልባስ ውሃ ስለማያስገባ ሁለቱ ከፊት ሲታዩ ላይለዩ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው ከጀርባና ከጠርዝ ነው።

የግድግዳ ሴራሚክ ርካሽ ስለሆነ ወይም ከግድግዳው ተርፎ ወለል ላይ ሲነጠፍ ችግሩ ወዲያው አይታይም። ውሃው በመገጣጠሚያው ሰርጎ በጠርዙና በጀርባው ይገባል። ከወራት በኋላ ከልባሱ ሥር ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ፤ ተወልውለውም አይለቁም። ሸክላው እርጥበት ይዞ በጥቂቱ ሲያብጥ ደግሞ ልባሱ አብሮት መለጠጥ ስለማይችል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። ሰውነቱም ደካማ ነው፤ በመታጠፍ ኃይል ሲለካ ከግድግዳ ሴራሚክ የሚጠየቀው ጥንካሬ ከፖርሰሊን ከሚጠየቀው ግማሽ አይሞላም። የወደቀ ጆግ እንኳ ጠርዙን ሊያነሳው ይችላል።

ካርቶኑ ላይ የመጠጣት መጠኑ ካልተጻፈ፣ ገዢው አንድ ሰሌዳ ለሙከራ ወስዶ ቤቱ በወጥ ቤት ሚዛን መፈተን ይችላል። ሰሌዳው በደንብ ደርቆ ይመዘናል፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቆያል፤ ሲወጣ ላዩ በጨርቅ ተጠርጎ ዳግም ይመዘናል። ሠላሳ በሠላሳ የሆነና ደረቁ 1,600 ግራም የመዘነ ሰሌዳ 1,608 ግራም ቢሆን፣ የጨመረው 8 ግራም 0.5 በመቶ ነው። ደረቁ 1,300 ግራም የነበረ ሌላ ሰሌዳ 1,450 ቢደርስ ግን ከ11 በመቶ በላይ ጠጥቷል፤ ቦታው ግድግዳ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ አየሩ በቫኪዩም ተመጥጦ ውሃው በግድ ስለሚገባ የሚገኘው ቁጥር ከቤቱ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ የቤቱ ሙከራ መጥፎውን ለመጣል ይበቃል፣ ጥሩውን ለማረጋገጥ ግን አይበቃም። ሚዛን የሌለው ሰው ያልተቀባውን ጀርባ ላይ ጥቂት ውሃ ያፍስስ። ጠብታው ቶሎ ጠፍቶ ጥቁር እርጥበት ብቻ ከቀረ ሴራሚኩ ጠጪ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የእግር ነው። ሰው እርጥብ ወለል ላይ ሲቆም በእግሩና በሴራሚኩ መካከል ስስ የውሃ ንብርብር ይቀራል። ውሃው መሸሻ ካገኘ ቆዳው ሴራሚኩን ይነካና ይቆማል፤ ካላገኘ እግሩ በውሃው ላይ ይሄዳል። የወለሉ ጥቃቅን ሻካራ ጫፎች ሥራ ይህን ንብርብር መብሳት ነው። የብሪታንያ የሥራ ደህንነት ተቋም በውሃ ለሚረጥብ ወለል የመንሸራተት ስጋቱ ዝቅተኛ ነው የሚለው ሸካራነቱ ከ20 ማይክሮን ሲበልጥ ነው። ይህ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት በእጅጉ ያነሰ ነው። ዓይን ሊለካው አይችልም ማለት ነው። የዛሬ ማተሚያ ማሽን የድንጋይ ወይም የእንጨት ሸካራ መልክ ፍጹም ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ስለሚያትም፣ መልኩ ይበልጥ ያሳስታል። የማያብረቀርቅ ወይም «ማት» የተባለ ሁሉም እግር ይይዛል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ፋብሪካው ያስፈተነው ቁጥር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከጀርመን የመጣው ምደባ አር የሚለውን ፊደል ከ9 እስከ 13 ካለ ቁጥር ጋር ያጣምራል። ፈታኙ የሥራ ጫማ አጥልቆ፣ የሞተር ዘይት በፈሰሰበት ሴራሚክ ላይ ወዲያና ወዲህ ይራመዳል፤ ወለሉም መንሸራተት እስኪጀምር ቀስ በቀስ እያዘነበለ ይሄዳል። አር 9 ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ማዘንበል የቻለ ነው። 9 ሲባል ከ10 ዘጠኝ ያገኘ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የመጨረሻው ዝቅተኛ ማዕረግ ነው፣ የተሻለ የሚሆነው ቁጥሩ ሲያድግ ነው። አር 10 እስከ 19፣ አር 11 እስከ 27 ዲግሪ ይሄዳል።

ሰው ግን ገላውን በሥራ ጫማ አይታጠብም። ለባዶ እግር የተለየ ፈተና አለ፤ ፈታኙ በባዶ እግሩ፣ የሳሙና ውሃ በሚፈስበት ሴራሚክ ላይ ይራመዳል። ውጤቱ በሦስት ፊደላት ይገለጻል። ኤ ቢያንስ 12 ዲግሪ፣ ቢ ቢያንስ 18፣ ሲ ቢያንስ 24 ነው። ኤ የታሰበው ለልብስ መቀየሪያና ባመዛኙ ደረቅ ለሆነ መተላለፊያ ነው። ሻወርና የዋና ገንዳ ዙሪያ ቢን ይጠይቃሉ። ለመታጠቢያ ክፍል ከአር ቁጥሩ ይልቅ መፈለግ ያለበት ይህ ፊደል ነው፤ ካርቶኑ ላይ ካልተገኘ ከአስመጪው የምርቱን መግለጫ ወረቀት መጠየቅ ይገባል። የአሜሪካን አለካክ የሚጠቀም ካርቶን ደግሞ የሰበቃ ቁጥር ይጽፋል፤ እዚያ ለሚረጥብ የቤት ውስጥ ወለል ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው 0.42 ነው። ይህ መነሻ እንጂ የሳሙና ውሃ ለሚፈስበት ሻወር ዋስትና አይደለም። የትኛውም ፈተና ሶሉ አልቆ የተላገ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማን አይወክልም፤ እንዲህ ያለ ነጠላ ጫማ በጥሩ ሴራሚክ ላይም ይንሸራተታል።

ወረቀቱ ከሌለ የቀረው አማራጭ ማወዳደር ነው። የሁለትና የሦስት ዓይነት ናሙናዎች ወለል ላይ ይዘረጉና የሳሙና ውሃ ይፈስባቸዋል። ገዢው ወንበር ላይ ተቀምጦ ባዶ እግሩን ጫን እያደረገ ወደ ፊት ይገፋል። ቆሞ መሞከር አደጋ አለው። ይህ ቁጥር አይሰጥም፤ ከመካከላቸው የትኛው እንደሚከዳ ግን ያለ ጥርጥር ይነግራል።

አሁን አንድ ክፍል እንውሰድ፦ ወርዱ 1.5፣ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ማፍሰሻው ጥጉ ላይ፣ ከቤተሰቡ መካከል አንዲት አረጋዊት እናት ያሉበት። ወለሉ 3 ካሬ ነው፤ ለቁርጥራጭና ለስብራት 10 በመቶ ሲጨመር 3.3 ካሬ ይሆናል። ለዚህ ክፍል የሚመረጠው ፖርሰሊን፣ ያልተወለወለ፣ በባዶ እግር ፈተና ቢ ያገኘ፣ መጠኑም ሠላሳ በሠላሳ ወይም ከዚያ ያነሰ ቢሆን ነው። ወለሉ ወደ ማፍሰሻው በየሜትሩ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ስድሳ በስድሳ የሆነ ሰሌዳ በሁለት አቅጣጫ ወደ አንድ ጥግ እንዲያዘነብል ሲፈለግ ሰያፍ መቆረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ካልተቆረጠ ውሃው መሃል ላይ ይኩሬታል። ትናንሽ ሰሌዳዎች ዝንባሌውን ይከተላሉ፤ የሚበዛው መገጣጠሚያቸውም ለእግር ተጨማሪ መያዣ ነው። ሲ የተባለውን በጣም ሻካራ ዓይነት መላው ክፍል ላይ ማንጠፍ አያስፈልግም፤ ቆሻሻና የሳሙና ዝቃጭ ስለሚይዝ ለማጽዳት ያደክማል።

ጥሩ ሰሌዳ ተገዝቶ ሥራው የሚበላሽበት አንድ ቦታ አለ። ነባሩ የአነጣጠፍ ልማድ ሴራሚኩን በርሜል ውስጥ ዘፍዝፎ በሲሚንቶ ማልታ መለጠፍ ነው። ይህ ለጠጪው ሴራሚክ የተሠራ ጥበብ ነው፤ ሸክላው የማልታውን ውሃ እንዳይመጥጥበት አስቀድሞ ይጠግባል፤ ሲሚንቶውም ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ይይዛል። ፖርሰሊን ግን የሚያስገባው ቀዳዳ የለውም። ተዘፍዝፎ በተራ ማልታ ሲለጠፍ ጀርባው ላይ የውሃ ስስ ሽፋን ይቀራልና ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል። ስለዚህ ደረቁን፣ ፖሊመር በተቀላቀለበትና ለፖርሰሊን ተብሎ በተዘጋጀ የከረጢት ማጣበቂያ፣ በጥርሳም ማንኪያ ተዘርግቶ መለጠፍ አለበት። ሥራው ሲያልቅ በሳንቲም ቢመታ፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሰሌዳ በደንብ አልተያዘም።

ፖርሰሊኑ ውሃ ባይጠጣም በመገጣጠሚያው የሚሰርገው ውሃ ወደ ታች መሄዱን አይተውም። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣሪያ እንዳይንጠባጠብ የሚጠብቀው ሴራሚኩ ሳይሆን ከሥሩ የሚቀባው የውሃ መከላከያ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ወለሉን ጨርሶ ግድግዳው ላይም ከፍ ማለት አለበት፤ የሻወሩ አካባቢ ላይ ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ።

የተወለወለ ሴራሚክ አስቀድሞ ያነጠፈ ቤተሰብ ሁሉንም መንቀል አይጠበቅበትም። ተለጣፊ ሻካራ ቴፕ ርካሽ ነው፤ ጠርዙ በሳሙና ስለሚነሳ ግን በየጊዜው መታየት አለበት። ልባሱን በኬሚካል የሚያሻክሩ ፈሳሾችም አሉ፤ አንዳንዶቹ አደገኛ አሲድ ስለያዙ ያለ ባለሙያና ያለ ጓንት አይነኩም፤ አስቀድመውም በተረፈ ሰሌዳ ላይ መሞከር አለባቸው። ዘላቂው መላ፣ ነባሩ ሴራሚክ ባዶ ድምፅ የማይሰጥ ከሆነ፣ ሻወሩ ሥር ያለውን አንድ ካሬ ያህል ቦታ ብቻ በላዩ ላይ ትናንሽ የሞዛይክ ሰሌዳዎች መለጠፍ ነው። ወለሉ በዚያ በኩል ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ የማፍሰሻው ክዳን አብሮ ከፍ ይደረጋል፤ ሞዛይኩ የሚያልቅበት ጠርዝም እግር እንዳያደናቅፍ በማጣበቂያው ተዳፍኖ ይጨረሳል።