ብርቱካናማው ማስጠንቀቂያ «ተጠልፈሃል» አይልም

ፒክስል ስልክ ላይ ሌላ ሲስተም ተጭኖ ሲበራ ብርቱካናማ ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ ብዙ ሰው ቫይረስ የገባ ይመስለዋል። ስልኩ የሚለው ግን ቡትሎደሬ ክፍት ስለሆነ የማስነሣውን ሲስተም ትክክለኛነት ማረጋገጥ አልችልም ነው። ንጹሕ ሊኔጅኦኤስም ሆነ የተበረዘ ሲስተም ቢጫንበት ማስጠንቀቂያው ያው ነው፤ የሚናገረው ስለ እንግዳው ሳይሆን ስለ ተከፈተው በር ነው። ቢጫው ማስጠንቀቂያ ሌላ ታሪክ አለው። ግራፊንኦኤስ ተጭኖ ቡትሎደሩ ሲቆለፍ ስልኩ ፊርማውን ያጣራል፤ የሚያጣራው ግን በፋብሪካው ሳይሆን ባለቤቱ ባስገባው ቁልፍ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር የዚያ ቁልፍ አሻራ ነው። የሲስተሙ አዘጋጆች ካወጡት ጋር ካልተመሳሰለ፣ ቢጫ መሆኑ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

«እንግዲያው ብርቱካናማውን ቆልፌ ልገላገል» የሚል አይጠፋም። ስልኩ የማያውቀው ቁልፍ የፈረመው ሲስተም ላይ ከተቆለፈ ግን ቀይ ይመጣል፤ ስልኩም አልነሣም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሲስተሙ ቁልፍ ይገባል፣ መቆለፉ ይከተላል፦

```
fastboot flash avb_custom_key avb_pkmd.bin
fastboot flashing lock
```

መቆለፉ በስልኩ ያለውን ዳታ ሁሉ ያጠፋል፤ ፎቶዎች አስቀድመው ይገልበጡ። ሁሉም ስልክ የባለቤቱን ቁልፍ አይቀበልም፤ በማይቀበለው ላይ ብርቱካናማውን ታግሶ መኖር ይሻላል።